«ጥሩ ሙከራ ነው፣ በርቺ» ተብሎ 12 ከ20 የተሰጠው ታሪክ

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ደሴ ነው። አማርኛ ክፍል አጭር ልቦለድ ጻፉ ተብለን «የወፍጮው ቀን» የሚል ጻፍኩ። እናቷ ጤፍ አስፈጪ ብላ 200 ብር የሰጠቻት ልጅ ብሩን ትጥልና ማታ እናቷን ትዋሻለች፣ ታሪኩ እሱ ነው። ቲቸር 12 ከ20 ሰጠኝና ከስር «ጥሩ ሙከራ ነው፣ በርቺ» ብሎ ጻፈበት፣ ሌላ ምንም የለውም። ጓደኞቼ ደግሞ «ውይ አሪፍ ነው፣ አለቀስን» ይሉኛል። ማንን ልመን? የሥነ ጽሑፍ ክበቡ በወላጆች ቀን እንዳነበው መርጦኛል፣ አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እማዬም ትመጣለች። አንዳንዴ ይቅርብኝ ልበላቸው እላለሁ። ታሪኩ እውነት ጥሩ ነው ወይስ እያባበሉኝ ነው? አራቱንም ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። አይራሩልኝ፣ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።

ወ. ከደሴ

የኔ እህት ወ.፣

ታሪክሽን አነበብኩት፣ አስቀምጬው ቆየሁና ደግሜ አነበብኩት። እውነቱን ስላልሽኝ ሳላዞር ልንገርሽ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ 12 ተገቢ ውጤት ነው። ጓደኞችሽም ግን አልዋሹሽም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ ካልሽ፣ ጓደኞችሽን ያስለቀሳቸው ገጽ አራት ላይ ያለው ነገር ነው፣ ቲቸር ደግሞ እዛ እስኪደርስ ሁለት ገጽ ተኩል ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ፣ ወፎች ሲዘምሩ፣ ፊት ስትታጠቢ፣ ጸጉር ስታበጥሪ ነው ያነበበው፣ ከዛ ዋናው ነገር ሲመጣ ሦስት መስመር ሆኖ አለፈበት። ጥሩ ታሪክ አለሽ፣ ግን ቦታውን ለማይገባው ሰጥተሽ ለሚገባው ነፍገሽዋል። የምጽፍልሽ በሙሉ ማለት ይቻላል ስለዚህች አንዲት ነገር ነው፣ ምክንያቱም እሷ ከተስተካከለች ብዙው ነገር አብሮ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ግን እንዳትነኪው የምፈልገውን ላሳይሽ። ገጽ ሁለት መሀል ላይ እንዲህ ብለሻል፦ «እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈትታ 200 ብር ሰጠችኝ።» እዚህ ጋ ቆምኩ። በጥርሷ! ብሩ ጠብቆ መቋጠሩን፣ በጣት እምቢ ማለቱን፣ ሴትየዋ ስትቋጥረው ቶሎ ላታወጣው አስባ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሁለት መቶ ብር ላይኖር እንደሚችል፣ ይሄን ሁሉ በአንዲት ቃል ነገርሽኝ። እንዲህ አይነት ነገር ከመጽሐፍ አይቀዳም፣ ያየ ሰው ነው የሚጽፈው። ከዛ ግን ወዲያው ቀጥለሽ «እኛ በጣም ድሆች ነን፣ ኑሯችን ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ እናቴ ብዙ ተቸግራ ነው ያሳደገችኝ» ብለሽ ጨመርሽበት። ገብቶኝ ነበር እኮ! ያልገባኝ መስሎሽ ስትደግሚልኝ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጉልበቷን አጣች። እነዚህን ተከታይ ዓረፍተ ነገሮች ሰርዣቸው፣ ቋጠሮዋን ብቻዋን ተያት።

እዛው አጠገብ ደግሞ «የእናቴ አይኖች እንደ ኮከብ የሚያበሩ፣ ጥርሶቿ እንደ ወተት የነጡ ናቸው» የሚል አለ። እስቲ በሐቅ ንገሪኝ፣ ይሄ ያንቺ እናት ናት ወይስ ሁላችንም ድርሰት ስንጽፍ የምናመጣት እናት? ያቺ ቋጠሮ በጥርሷ የምትፈታው ሴት የተለየች ሴት ናት፣ አውቃታለሁ፣ መንገድ ላይ ባገኛት የምለያት ይመስለኛል። ባለ ኮከብ አይኗን ግን አልለያትም፣ መቶ ድርሰት ውስጥ አግኝቻታለሁ። አንዳቸው መሄድ አለባቸው፣ የትኛዋ እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ይሄ ያንቺ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው፦ «ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን በልቼ ልብሴን ለብሼ ጸጉሬን አበጥሬ ጤፉን ተሸክሜ ከቤት ወጥቼ መንገድ ላይ ጓደኛዬን አግኝቼ ሰላም ብያት ወፍጮ ቤት ደረስኩ።» ዘጠኝ ነገር አድርገሽ ነው አስረኛው ላይ የደረስሽው። አማርኛችን ይሄን ይፈቅዳል፣ ተነስቼ ታጥቤ በልቼ እያሉ መሄድ የቋንቋችን ወግ ነው፣ ስናወራም እንደዛ ነው የምናወራው፣ ስለዚህ ስህተት ነው አልልሽም። ችግሩ እንዲህ ስትደረድሪ ሁሉም ድርጊት እኩል ክብደት ይኖረዋል፣ አንባቢው የሚያርፈው መጨረሻው ግስ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ያለውን እየሮጠ ያልፈዋል። ስለዚህ ይሄ አይነት ዓረፍተ ነገር በፍጥነት ማለፍ ለምትፈልጊው ነገር ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ሰው እንዲያስተውለው የምትፈልጊውን ነገር ግን እዛ ሰልፍ መሀል አታስገቢው።

አንቺ ምን አስገባሽ? ጓደኛሽን። ታሪክሽ ውስጥ ብሩ የጠፋው ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት ባለው መንገድ ነው አይደል፣ እና በዛ መንገድ ላይ የሆነው ብቸኛ ነገር ጓደኛሽን ማግኘትሽ ነው፣ እሱንም «አግኝቼ ሰላም ብያት» ብለሽ ዘለልሽው። ከዛ ገጽ ሦስት ላይ «ብሩ ሳላውቀው ጠፍቶ ነበር» ትይናለሽ። አንባቢ «ሳላውቀው» ሲባል ቅር ይለዋል፣ ጸሐፊዋ እንዲጠፋ ስለፈለገች የጠፋ ይመስለዋል። እስቲ አስቢው፣ ብሩን የያዝሽበት እጅ ሹራብሽ ኪስ ውስጥ ነው እንበል፣ በሌላው እጅሽ ጤፉን ትከሻሽ ላይ ደግፈሻል፣ ጓደኛሽ መጣች፣ ሰላም ልትያት የቱን እጅ ነው የምታወጪው? እዛች ቦታ ላይ «እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጨበጥኳት» የምትል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ብትኖር፣ ስለ ብሩ ምንም ሳትይ፣ አንባቢው ያኔ አያስተውላትም፣ ወፍጮ ቤት ኪስሽ ባዶ ሲሆን ግን ራሱ ወደኋላ ተመልሶ «ውይ፣ ያኔ ነው!» ይላል። እሱ ራሱ ካገኘው ደግሞ ያምንሻል። መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ሴራ እየተባለ የምትማሩት ነገር ሲተገበር ይሄ ነው፣ የኋላው የሚመጣው ከፊተኛው መሆን አለበት።

ስለዚህ ከገጽ አንድ ምን ይቅር? እኔን ከጠየቅሽኝ ሙሉው ይቅር። ፀሐይዋም፣ ወፎቹም፣ ቁርሱም። ታሪኩን ከቋጠሮዋ ጀምሪው። አንባቢው ጠዋት መሆኑን፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ልጅቷ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ቀስ እያለ ይደርስበታል። ያን ገጽ ለመጻፍ እንደደከምሽ አውቃለሁ፣ መሰረዙ እንደሚያንገበግብም አውቃለሁ፣ ግን አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠሽ አላልሽም? አራቱን ገጽ በእርጋታ ካነበብሽው አምስት ደቂቃ አይበቃሽም፣ ከቸኮልሽ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ማንም አይሰማሽም። መቆረጡ የግድ ከሆነ ወፎቹ ይቆረጡ።

እናትሽ ታሪኩ ውስጥ እንዴት እንደምታወራም ልብ በይ። «ውድ ልጄ ሆይ፣ እባክሽን ወደ ወፍጮ ቤት ሄደሽ ይህን ጤፍ አስፈጭተሽልኝ ነዪ» ትላለች። ደሴ ውስጥ እንዲህ የምትል እናት አለች? እኔ አላውቅም። እናት ስትልክ «ነይማ፣ እንቺ ይቺን፣ መልሱን እንዳትረሺ» ነው የምትለው፣ ወይም ያንቺ እናት የምትለውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ልጽፍልሽ የቻልኩት ግምት ነው፣ አንቺ ግን ጆሮሽ ውስጥ አለ፣ ዛሬ ማታ ስታወራ አድምጫት። እና ደግሞ «መልሱን እንዳትረሺ» የሚል ነገር መጀመሪያ ላይ ከተባለ ማታ ለሚመጣው ጥያቄ ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ይቀመጥልሻል። ድርሰት ስንጽፍ ንግግሩን ሁሉ የማሳመር ልማድ አለብን፣ ክፍል ውስጥም ያበረታቱናል፣ ግን ሰው በአፉ የሚናገረውን ስታሳምሪው ሰውየው ይጠፋል። ትረካሽ እንደፈለገ ያምር፣ ሰዎቹ ግን እንደ ሰው ያውሩ።

ወፍጮ ቤቱን በሦስት ጉዳይ አለፍሽው፣ ወረፋ ነበር፣ ብሩን አጣሁት፣ «በጣም ደነገጥኩ፣ ልቤ ተሰበረ፣ እንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ»። ከዛ ባለ ወፍጮው ነገ አምጪ አለሽ። እዚህ ጋ ትልቅ ነገር ነው ያመለጠሽ፣ እና ያመለጠሽ ስሜቱን በስሙ እየጠራሽ ስለቸኮልሽ ይመስለኛል። ደነገጥኩ ስትይኝ መደንገጥሽን አወቅኩ፣ አብሬሽ ግን አልደነገጥኩም። ወፍጮ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ፣ ሞተሩ ሲነሳ አጠገብሽ ያለውን ሰው አትሰሚም፣ ሰው በጩኸት ወይም በእጅ ምልክት ነው የሚግባባው፣ ዱቄቱ የሰዉን ቅንድብ ሳይቀር አንጥቶታል። አሁን ልጅቷ እዛ መሀል ብሩ እንደሌላት አወቀች። ይሄን ነገር በሹክሹክታ መናገር አትችልም እኮ! ባለ ወፍጮው «ምን?» ይላታል፣ ትደግማለች፣ አይሰማም፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ በመጨረሻ «ብሩ ጠፍቶብኛል!» ብላ መጮህ አለባት፣ ከኋላዋ የሰፈሯ ሰው ሁሉ ተሰልፏል። ወይም እንዳጋጣሚ ልክ ስትጮህ ሞተሩ ይጠፋል። ይሄን ያመጣሁት ከራስሽ ታሪክ ውስጥ ነው፣ ቦታውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ መቼት ብላችሁ የምትማሩት ነገር ይሄን ያህል ሥራ መሥራት ይችላል፣ ቦታው ልጅቷን ካላስጨነቃት ወፍጮ ቤት ሆነ ሱቅ ሆነ ልዩነት አይኖረውም።

እንባው ደግሞ ይቅር። ይልቅ ብሩ ሲጠፋብሽ መጀመሪያ ምን ነበር ያደረግሽው? ሰው እኮ ወዲያው አያለቅስም። ያንኑ ኪስ ደግሞ ደጋግሞ ይፈትሻል፣ ባዶ መሆኑን እያወቀ፣ ከዛ የሌለበትን ቦታ፣ የደብተሩን ገጽ፣ ጫማውን ሳይቀር። ጤፉን ከፍቶ እጁን የሚከትም አለ። የልጅቷን እጅ ብቻ ተከተይ፣ «ደነገጥኩ» የምትለዋን ቃል ሳትጽፊ። ከጻፍሽው በኋላ አንዷን ጓደኛሽን አስነብቢያትና «እዚህ ጋ ልጅቷ ምን ተሰማት?» ብለሽ ጠይቂያት፣ በትክክል ከመለሰችልሽ ቃሉ አላስፈለገም ማለት ነው፣ ግራ ከገባት ደግሞ እጁ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት ይሄን ነው። ያንቺ ሦስት መስመር እነዚህ ናቸው፦ «ማታ እማዬ መልሱን ጠየቀችኝ። ልጅቷም ዝርዝር የለኝም ነገ ነይ አለኝ ብላ ዋሸቻት። እናትየዋም እሺ፣ ነገ ትቀበይዋለሽ አለቻት።» አየሽው? አራቱንም ገጽ «እኔ» እያልሽ መጥተሽ፣ እዚህች ላይ ስትደርሺ «ልጅቷ» ሆነች፣ «እማዬ» የነበረችው ደግሞ «እናትየዋ» ሆነች። ቲቸር ካስተዋለው የመደብ ስህተት ብሎ ነው የሚይዘው፣ ልክ ነው፣ የአንደኛ መደብ ተራኪ መሀል ላይ ሦስተኛ መደብ መሆን አይችልም፣ ነጥብ የሚያስቀንስ ስህተት ነው። እኔ ግን ለምን እዚህች ቦታ ላይ ብቻ እንደሆነ ነው ያሳሰበኝ። ሌላ የትም ቦታ አልተሳሳትሽም። «ዋሸኋት» ብሎ መጻፍ ከብዶሽ ይሆን? ልትመልሺልኝ አትገደጂም፣ ለራስሽ ብቻ መልሺው።

ከብዶሽ ከሆነ ታሪኩ ያለው እዛ ነው። ጓደኞችሽን ያስለቀሳቸው እሱ ነው፣ ብር የጠፋባት ልጅማ ብዙ ናት። ስለዚህ እነዚህ ሦስት መስመሮች ወደ አንድ ገጽ ይደጉ። ለማርዘም ብለሽ ቃል አትጨምሪ፣ ጥያቄዎቹን እየመለስሽ ጻፊ። እናትሽ ስትጠይቅ ምን እየሠራች ነበር፣ ዱቄቱን እየነፋች ነው ወይስ እሳት እያቀጣጠለች፣ ፊቷ ወዳንቺ ነበር ወይስ ጀርባዋ? ውሸቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ወይስ አፍሽ ላይ መጣ? መንገድ ላይ እየተለማመድሽው ከነበረ እሱም ይጻፍ። «ዝርዝር የለኝም አለኝ» ስትያት ወዲያው አመነች ወይስ ትንሽ ዝም አለች? ዝም ካለች በዛች ዝምታ ውስጥ ልጅቷ ምን ሰማች? ሁሉንም መመለስ የለብሽም፣ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በደንብ ከመለስሽ ይበቃል፣ እና እባክሽ «እኔ» ብለሽ ጻፊው። «ዋሸኋት» የሚለውን ቃል ራሱን ባትጽፊውም ይሆናል፣ ውሸቱን ስትናገሪ እንስማ እንጂ።

ፍጻሜውን በተመለከተ፣ ከዚህ በታች ስምንት መስመር «ከዚህ ታሪክ የምንማረው ውሸት መጥፎ መሆኑንና ወላጆቻችንን ማክበር እንዳለብን ነው» እያልሽ ሄደሻል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ተረት ስንማር መጨረሻው ላይ ምክር አለ፣ ታች ክፍሎች ላይም እንደዛ ጻፉ ተብለናል። ለአጭር ልቦለድ ግን አይሆንም፣ በተለይ ያንቺ ዓይነቱ፣ ምክንያቱም ከምክሩ በላይ ያለችው የእናትየዋ መልስ ከማንኛውም ምክር ትበልጣለች። «እሺ፣ ነገ ትቀበይዋለሽ።» ሴትየዋ አመነች! እና አሁን ልጅቷ ነገ የሌለ መልስ ይዛ መምጣት አለባት፣ ለባለ ወፍጮውም የሌለ ብር መውሰድ አለባት። ሁለት ዕዳ ነው ያለባት፣ ሌሊቱ ደግሞ ገና አልነጋም። አንባቢውን እዛ ጥለሽው ብትወጪ የውሸትን መጥፎነት ስምንት መስመር ከሚነግረው በላይ ይገባዋል። ስለዚህ እዛች ንግግር ላይ አራት ነጥብ አድርጊና ብዕሩን አስቀምጪ። መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ያላለቀ ይመስልሽና ይጨንቅሽ ይሆናል፣ ቲቸርም «ፍጻሜው የት አለ?» ሊልሽ ይችላል፣ ከጠየቀሽ ለምን እዛ እንዳቆምሽው አስረጂው፣ ጥሩ ምክንያት አለሽ።

ፊደልና ነጥብ ላይ ብዙ አልልም። ንግግሮቹን በትእምርተ ጥቅስ ለያቸው፣ ማን እንደሚናገር ሁለት ቦታ ላይ ተምታቶብኛል፣ ሌላውን ስትገለብጪው ራስሽ ታስተካክይዋለሽ።

ማንን ልመን ላልሽው፣ ሁለቱንም እመኛቸው፣ ግን ከሁለቱም የበለጠ ነገር ጠይቂ። ቲቸር ስንት ደብተር እንዳረመ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የክፍላችሁን ብዛት ቁጠሪው፣ «በርቺ» ብሎ ያለፈው ስላልወደደው ላይሆን ይችላል። ሄደሽ «ለምን 12 ሰጠኸኝ?» ካልሽው ስለ ነጥብ ታወራላችሁ፣ ምናልባትም ይከላከላል። ይልቅ አዲሱን የማታውን ገጽ ብቻ ይዘሽ ሂጂና «ቲቸር፣ ይቺን እንደገና ጽፌያት ነበር፣ ስታነባት የትኛው ቦታ ላይ ደከመችብህ?» በይው። አንድ ገጽ ነው፣ ቆሞም ያነበዋል፣ ጥያቄውም በጣቱ የሚያሳየው ቦታ አለው። ጓደኞችሽንም «አሪፍ ነው?» አትበያቸው፣ አሪፍ ነው ነው የሚሉሽ፣ ስለሚወዱሽ። አንዷን «ስታነቢ የት ጋ ነው መዝለል ያማረሽ?» በያት።

አሁን ደግሞ ሳትጠይቂኝ የጠየቅሽኝ የሚመስለኝን ነገር ላንሳ። «እማዬም ትመጣለች» ብለሽ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለፍሽ፣ ልክ ታሪኩ ላይ እንዳለፍሽው። ታሪኩ በእውነት የሆነ ነው? ከሆነ፣ እናትሽ ታውቃለች? የማታውቅ ከሆነ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል፣ ጎረቤቶቿ አጠገብ ተቀምጠው፣ ማይክ ላይ ልትሰማው አይገባም፣ ለሷም ላንቺም ከባድ ነው። ከታሪኩ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መንገዶች አሉሽ። አንደኛው ቀድመሽ ለሷ ብቻ ማንበብ ነው፣ ቡና ላይም ይሁን ማታ፣ «ክፍል የጻፍኩትን ላንብብልሽ?» ብለሽ ጀምሪ፣ ከዛ የምትለውን እሷ ትበል። ብዙ እናቶች እንዲህ ያለውን ነገር ከምንፈራው በላይ ይቀበሉታል፣ ግን እናትሽን የማውቃት እኔ አይደለሁም። ሁለተኛው ታሪኩን በሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በሦስተኛ መደብ መጻፍ ነው፣ ለልጅቷ ስም ሰጥተሽ፣ ወፍጮውን ጋዝ ወይም ስኳር ግዢ አድርገሽ። ያኔ ልቦለድ ይሆናል፣ መብትሽ ነው፣ ጸሐፊዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው፣ የምታጪው ነገር ግን ይኖራል፣ ያ የወፍጮ ቤት ጩኸት ይቀራል፣ ቋጠሮዋንም እናትሽ የሷ መሆኗን ትለያታለች። ሦስተኛው ይሄን ለራስሽ አስቀምጠሽ ለክበቡ ሌላ ነገር ማንበብ ነው፣ ይሄም ሽንፈት አይደለም። እኔ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ውሳኔው ያንቺ ነው። ታሪኩ በእውነት የሆነ ካልሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዝለይውና «የልቦለድ ነው እማ፣ አንቺን አይደለም» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ከጎኗ ያለው ሰው ሲያያት እንዳትደናገጥ።

ሦስት ሳምንት በቂ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የድሮውን ደብተር ዝጊና ከቋጠሮው ጀምረሽ በሌላ ወረቀት ጻፊ፣ እያየሽ አትገልብጪ፣ እያየሽ ከገለበጥሽ ወፎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ከዛ ሁለት ቀን አስቀምጪውና ብቻሽን ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ምላስሽ የተደናቀፈበት ላይ ደግሞ ያንቺ ያልሆነ ቃል አለ፣ ሁለቱንም በእርሳስ ምልክት አድርጊባቸው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ለቲቸር የማታውን ገጽ አሳዪ፣ ለእናትሽም ንገሪ። በስልክሽ ሰዓት እየያዝሽ አንብቢው፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ከመንገዱ ቁረጪ፣ ከማታው ግን አንዲት መስመር አትቁረጪ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ መጻፍ አቁሚና ማንበብ ብቻ ተለማመጂ፣ በተለይ የእናትየዋን የመጨረሻ ንግግር ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽን ሳትለውጪ። የሆነ ሰው ካለቀሰ ያልቅስ፣ አንቺ አታስለቅሺው።

ለክበቡ ዛሬውኑ «ይቅርብኝ» አትበያቸው። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ አዲሱን ጽፈሽ ከእናትሽ ጋርም ካወራሽ በኋላ ወስኚ፣ ያኔም ልቅር ካልሽ በሰዓቱ ስለምትነግሪያቸው ሌላ ሰው ይተካሉ።

አዲሱን ላኪልኝ። ከማታው ክፍል ነው ማንበብ የምጀምረው።